የአምባሰሉ ማርና የኔ ኬቶ

ባለፈው ጥር የአክስቴ ልጅ ሰርግ ስለነበር የአሥር ቀን ፈቃድ ወስጄ ሐይቅ ሄጄ ነበር። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ግድም ሲጓዙ የምትገኘዋ፣ በሐይቁ ስም የምትጠራው ከተማ የተወለድኩባት ናት። እናቴ አሁንም እዚያው ናት። በሩ ላይ ስታየኝ መጀመሪያ የተናገረችው «ደህና ገባሽ ወይ?» ሳይሆን «የት ሄደ ያ ሁሉ ሥጋ?» የሚል ነበር። እኔም ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበርና ደስ አለኝ። ኬቶ ከጀመርኩ 14 ወሬ፣ ክብደቴም 11 ኪሎ ቀንሶ ነበር።

ያን ዕለት ማታ ገበታ ሲቀርብ እንጀራውን ወደ ጎን ገፍቼ የተጠበሰውን ቆሮሶና ጎመኑን ብቻ ስበላ እናቴ ዝም ብላ ታየኛለች። ስኳር ካለባት ስምንት ዓመት ሆኗታል። በኋላ ቡናው እየተፈላ ሳለ ቀስ ብላ «ልጄ፣ እኔስ እንጀራውን ብተወው? ይኸ ስኳር የሚብስብኝ በእሱ አይደል?» አለችኝ። እኔም የሽያጭና ገበያ ሠራተኛ ነኝና ያመንኩበትን ነገር ማስተዋወቅ አይከብደኝም። «ተዪው እማዬ!» አልኳት። ከውጫሌ ገበያ ያስመጣችውን የአምባሰል ማርም ለጎረቤት እንድትሰጠው ነገርኳት። እሷ ግን ዕቃ መጣል አትወድምና ከቁም ሳጥኑ ላይ አስቀመጠችው። በዚህ ወር ስለ ኬቶ ልጽፍላችሁ የተነሳሁት ያ ማር ከአራት ቀን በኋላ በሠራው ሥራ ምክንያት ነው።

መጀመሪያ የሚሄደው ውኃ ነው

ኬቶ ማለት በቀን የምንመገበውን ካርቦሃይድሬት ከ50 ግራም በታች፣ ጠበቅ ሲል ደግሞ ወደ 20 ግራም ማውረድ ነው። ይህ በእኛ ገበታ ምን ማለት እንደሆነ እንየው። 300 ግራም የሚመዝን አንድ ትልቅ እንጀራ ከ80 እስከ 90 ግራም ካርቦሃይድሬት አለው። አንድ ሙዝ 27 ግራም ግድም፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 17 ግራም ግድም ይይዛል። ዕንቁላል ከአንድ ግራም ያነሰ ሲኖረው፣ ዓሣ፣ ሥጋና ቅቤ ግን የላቸውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ በኬቶ ቤት አንዲት እንጀራ የሁለት ቀን፣ አንዳንዴም የአራት ቀን ድርሻ ናት።

ካርቦሃይድሬቱ ሲቋረጥ ሰውነታችን መጀመሪያ የሚያወጣው መጠባበቂያውን ነው። ጉበታችን 100 ግራም ያህል፣ ጡንቻዎቻችን ደግሞ 400 ግራም ያህል ግላይኮጅን የሚባል የተከማቸ ስኳር ይይዛሉ። እያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅን ወደ ሦስት ግራም ውኃ አብሮ ያስቀምጣል። ግማሽ ኪሎው ግላይኮጅን ሲያልቅ አንድ ኪሎ ተኩል ውኃ ተከትሎት ይወጣል። ኢንሱሊን ሲቀንስ ደግሞ ኩላሊታችን ጨውና ውኃ መልቀቅ ይጀምራል። እኔ በመጀመሪያዎቹ ስምንት ቀናት 3 ኪሎ ተኩል ቀንሼ በደስታ ፎቶ ተነስቼ ነበር። አብዛኛው ግን ስብ አልነበረም። በእኛ ሥራ «በፊት» እና «በኋላ» የሚሉ ሁለት ፎቶዎች ዕቃ እንደሚሸጡ እናውቃለን። በኬቶ ማስታወቂያ ላይ የምናየው የመጀመሪያ ሳምንት ፎቶ ግን በአመዛኙ የውኃ ፎቶ ነው። በእነዚያ ቀናት ራስ ምታት፣ ድካምና የእግር ቁርጥማት የሚሰማንም በዋናነት ጨውና ውኃ አብረው ስለሚወጡ ነው።

እውነተኛው ለውጥ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጉበታችን ስብን ወደ ኬቶን መለወጥ ይጀምራል። በቀን 120 ግራም ያህል ስኳር የሚፈልገው አንጎላችን አብዛኛውን ኃይሉን ከኬቶን ማግኘት ይለምዳል። የቀረውን ስኳር ጉበት ራሱ ከፕሮቲንና ከስብ ተረፈ ምርት ይሠራል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው ረሃቡ ይቀንሳል። እኔም መክሰስ የሚባለውን ነገር ረስቼው ነበር። ኬቶ በዋናነት የሚያከሳንም በዚህ በኩል ነው፤ ሳናስበው የምንበላው መጠን ይቀንሳል። ስቡን የሚያቀልጥ የተለየ አስማት የለውም።

አራተኛው ቀን

እናቴ ሰኞ ጀመረች። ጠዋት ዕንቁላል፣ ምሳ ዓሣ በጎመን፣ ማታ ጥብስ ትበላለች። እንጀራ፣ ሽሮ፣ ሻይ በስኳር ሁሉም ቀረ። ያልቀረው የስኳር መድኃኒቷ ብቻ ነበር። ጠዋትና ማታ ግሊቤንክላማይድና ሜትፎርሚን ትወስዳለች። ስለ መድኃኒቱ እኔ አልጠየቅኳትም፣ እሷም አልነገረችኝም።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ቡና ልትቆላ ተቀምጣ ሳለ ላብ አጠመቃት። እጇ ይንቀጠቀጣል። «ምነው እማዬ?» ስላት የሰጠችኝ መልስ ከጥያቄዬ ጋር የማይገናኝ ነበር። ስለ አባቴ፣ ስለ በጎቹ አወራችኝ። አባቴ ካረፈ ስድስት ዓመቱ ነው። የስኳር መለኪያዋን አምጥቼ ጣቷን ስወጋ 48 አሳየ። ከ70 በታች መውረድ የለበትም። ከ54 በታች ሲሆን ደግሞ አንጎል ራሱ ይራባል፤ ያ የተዘበራረቀ ንግግር የመጣው ከዚያ ነው።

ቤት ውስጥ ስኳር አልነበረም፤ እኔው አስወጥቼዋለሁ። የታየኝ ከቁም ሳጥኑ ላይ ያለው ማር ብቻ ነበር። መዋጥ ትችል ስለነበር አንድ የሾርባ ማንኪያ ሰጠኋት። ከ15 ደቂቃ በኋላ 61 ሆነ። አንድ ማንኪያ ደገምኳት፣ 84 ደረሰ። ዓይኗ ተመለሰና «ምን ሆኜ ነው? አብሽሪ ደህና ነኝ» አለችኝ፤ እሷው ታማ እኔን አጽናናችኝ። ከጎረቤት እንጀራ ተለምኖ መጥቶ በላች፤ ወዲያውም መኪና ይዘን ደሴ ወደ ሐኪም ሄድን።

ሐኪሙ ነገሩን እንዲህ አስረዳን። ግሊቤንክላማይድ ቆሽትን «ኢንሱሊን አውጣ» ብሎ ያዛል። ሰውየው እንጀራ ይብላ አይብላ መድኃኒቱ አያውቅም። ሥራው እስከ አንድ ቀን ሊቆይ ስለሚችል ስኳሩ በማር ከተነሳ በኋላም ተመልሶ ሊወርድ ይችላል። ለዚህ ነው ሻል ሲላት ቤት ከመቅረት ወደ ሕክምና መምጣታችን ትክክል የሆነው። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰውም አደጋው ተመሳሳይ ነው። ሜትፎርሚን ብቻውን ሲወሰድ ግን ስኳርን እንዲህ አያወርድም። ሐኪሙ በመጨረሻ እኔን እያየ «እንጀራ መቀነስ ለስኳር ሕመምተኛ መጥፎ ሐሳብ አይደለም። ጥፋቱ እንጀራው ሲቀነስ መድኃኒቱ አብሮ አለመቀነሱ ነው» አለኝ። ቃሉ ለስላሳ ነበር፤ እኔ ግን ቀና ብዬ አላየሁትም።

ይህን ስጽፍ በቤታችሁ እንዲህ ያለ ሰው እንዳለ በማሰብ ነው። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ኬቶ ሊጀምር ካሰበ መጀመሪያ ሐኪሙን ያነጋግር፤ መድኃኒቱ የሚስተካከለው ከመጀመሪያው ቀን በፊት ነው። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድም ውኃውና ጨው ሲወጣ ግፊቱ ከልክ በላይ ሊወርድበት ይችላል። ከልጅነት ጀምሮ ኢንሱሊን ለሚወጉ፣ እንደ ዳፓግሊፍሎዚንና ኢምፓግሊፍሎዚን ያሉ ስኳርን በሽንት የሚያስወጡ መድኃኒቶችን ለሚወስዱና ለሚያጠቡ እናቶች ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። በእነሱ ላይ ኬቶን ከልክ አልፎ ደሙን አሲድ ሊያደርገው ይችላል። ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ የሆድ ሕመም፣ ፈጣንና ጥልቅ ትንፋሽ ከታየ የስኳር መለኪያው ደህና ቁጥር ቢያሳይም ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው።

ዓመታት ሲቆጠሩ

የዚያን ዕለት ሐኪሙ የእናቴን ጨርሶ ወደ እኔ ዞረና «አንቺስ ደምሽን ከተመረመርሽ ስንት ጊዜሽ ነው?» አለኝ። ኬቶ ከመጀመሬ በፊት የተመረመርኩት በስልኬ ላይ ነበር። አሁንም ደም ሰጠሁና ሁለቱን ጎን ለጎን አየናቸው። ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ስብ ከ160 ወደ 85 ወርዷል፤ ይህ ጥሩ ነው። መጥፎው ኮሌስትሮል የሚባለው ኤልዲኤል ግን ከ112 ወደ 187 ወጥቷል። ከ100 ቢያንስ ይመረጣል። ይህ ቁጥር ዛሬ አያምም፣ አያደክምም። የደም ሥርን የሚያጠበው ዓመታት እየቆየ ነው። በንግድ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ሩብ ዓመት ሽያጭን ብቻ አይቶ ድርጅቱ አትራፊ ነው ማለት እንደማይቻል ተምሬያለሁ። በራሴ ሰውነት ግን የሠራሁት ይህንኑ ነበር።

ኬቶ የሁሉንም ሰው ኤልዲኤል እኩል አያወጣም። የአንዳንዱ አይነካም፣ የአንዳንዱ በጣም ይወጣል። የእኔን ምክንያት ግን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አላስፈለገም። በየቀኑ ቡናዬና ዕንቁላሌ ላይ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ቅቤ አደርግ ነበር። አንዱ ማንኪያ ሰባት ግራም ያህል ኮሌስትሮልን የሚያስነሳ የረጋ ስብ አለው፤ ሦስቱ 21 ግራም ይሆናሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ይህ ዓይነቱ ስብ ከቀን ካሎሪ ከአሥር በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራል። በቀን 1800 ካሎሪ ለሚበላ ሰው ይህ 20 ግራም ነው። ስለዚህ ሥጋውና አይቡ ሳይቆጠሩ በቅቤው ብቻ ከልኩ አልፌ ነበር።

ስለ ኬቶ የረጅም ጊዜ ጉዳት ከማንም የበለጠ የሚያስተምሩን ሕፃናት ናቸው። ይህ አመጋገብ መጀመሪያ የመጣው ለማክሳት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1921 በአሜሪካ የማዮ ክሊኒክ ሐኪም የነበረው ራስል ዋይልደር የሚጥል በሽታ ላለባቸው ሰዎች ያቀረበው ነው። ጾም የሚጥል በሽታን እንደሚያስታግስ ቀድሞም ይታወቅ ነበር፤ እሱ እየበሉ የጾምን ውጤት ማግኘት ይቻላል አለ። ዛሬም መድኃኒት ላልሠራላቸው ሕፃናት በሐኪምና በሥነ ምግብ ባለሙያ ክትትል ይሰጣል። እነዚህን ሕፃናት ለዓመታት የተከታተሉ ሐኪሞች ካዩአቸው ነገሮች መካከል የኩላሊት ጠጠር አንዱ ነው፤ ከመቶ ስድስት ያህሉ ላይ ታይቷል። ሽንት አሲድ ስለሚበዛበትና ጠጠርን የሚከላከለው ሲትሬት ስለሚያንስ ነው። የአጥንት መሳሳትም ታይቷል። የእነሱ ኬቶ ከእኛ በጣም የጠበቀ ቢሆንም፣ ያለ ክትትል ለዓመታት መቆየት እንደማይገባ ይነግረናል። ጎን ላይ የሚመላለስ ከባድ ሕመም ወይም ደም የቀላቀለ ሽንት ካያችሁ ጠጠር ሊሆን ይችላልና ተመርመሩ።

ታዲያ ይህን ሁሉ ታግሰን ከሌላው አመጋገብ የበለጠ እንከሳለን? እ.ኤ.አ. በ2018 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 609 ሰዎችን በሁለት ከፍለው አንዱን ወገን ካርቦሃይድሬት፣ ሌላውን ስብ አስቀንሰው ለአንድ ዓመት ተከታተሉ። ካርቦሃይድሬት የቀነሱት በአማካይ 6 ኪሎ፣ ስብ የቀነሱት 5.3 ኪሎ ቀነሱ። ልዩነቱ ከቁም ነገር የሚገባ አልነበረም። እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን ሌላው ውጤት ነው። ካርቦሃይድሬት የቀነሱት በ20 ግራም ቢጀምሩም ዓመቱ ሲያልቅ በአማካይ ወደ 130 ግራም ተመልሰው ነበር። 20 ግራም ላይ የሚኖር ሰው ጥቂት ነው።

በዚያው ዓመት ላንሴት ፐብሊክ ሄልዝ በተባለው መጽሔት ከ15 ሺህ በላይ አሜሪካውያንን ለ25 ዓመት ያህል የተከተለ ጥናት ወጥቷል። በእሱ ውስጥ ረጅም ዕድሜ ያላቸው ካሎሪያቸውን ግማሽ ያህል ከካርቦሃይድሬት የሚያገኙት ነበሩ። በጣም የሚቀንሱትም በጣም የሚያበዙትም ቀድመው የመሞት ዕድላቸው ከፍ ያለ ነበር። ከቀነሱት መካከል ግን በካርቦሃይድሬቱ ቦታ ሥጋና ቅቤ ያስገቡት ጉዳቱ ሲታይባቸው፣ ባቄላን፣ ለውዝንና የመሳሰለውን ያስገቡት የተሻሉ ሆነው ተገኝተዋል። ይህ ሰዎች የሚበሉትን ተጠይቀው የተሠራ ጥናት እንጂ ኬቶን ለብቻው የፈተነ አይደለም፤ እንደ መጨረሻ ፍርድ አትውሰዱት። ከእኔ ቅቤና ከኤልዲኤሌ ጋር ግን ይገጥማል። ከእንጀራው መቀነስ ያልተናነሰው ጥያቄ በእንጀራው ቦታ ምን ገባ የሚለው ነው።

ሁዳዴ ሲገባ

በእኛ አገር ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። ከሰርጉ ጥቂት ሳምንታት በኋላ ዐቢይ ጾም ገባ። 55 ቀን ሥጋ፣ ዕንቁላልና ቅቤ የለም። በ20 ግራም ሕግ ምስርና ሽምብራም የሉም፤ አንድ ኩባያ የተቀቀለ ምስር ብቻውን 40 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት አለው። የቀረው አቮካዶ፣ ጎመን፣ ተልባና ሰሊጥ ነው። ባለፈው ዓመት ሁዳዴ ሲገባ ኬቶውን አቁሜ በአምስት ቀን ሦስት ኪሎ ጨምሬ ደንግጬ ነበር። አሁን ስረዳው የወጣው ውኃ ነው የተመለሰው፤ እኔ ግን ወፈርኩ ብዬ ለፋሲካ በሥጋና በቅቤ ተመለስኩበት። ጾምና ፍስክ በገባ በወጣ ቁጥር እንዲህ ስንወጣና ስንገባ የምናገኘው የኬቶን ጥቅም ሳይሆን የሚዛን ጭንቀት ነው።

ምስሩ ከያዘው 40 ግራም ውስጥ 15 ግራም ያህሉ ሆድን የሚያለሰልስና ኤልዲኤልን ለማውረድ የሚያግዝ ፋይበር ነው። እኔ በ14 ወር ውስጥ ያስቸገረኝ የሆድ ድርቀት ምክንያቱ ምስርን፣ ሽሮንና ጤፍን አንድ ላይ ማስወጣቴ ነበር።

አሁን እናቴ ቤት ያለው ገበታ እንዲህ ነው። ሐኪሙ ግሊቤንክላማይዱን በግማሽ ቀነሰላት። እንጀራ በየገበታው ግማሽ ሆኗል፤ ይህ ከ40 እስከ 45 ግራም ካርቦሃይድሬት ነው። ቀሪውን ሆዷን ጎመን፣ ምስርና በፍስክ ቀን ከሐይቁ የሚመጣ ዓሣ ይሞላዋል። ከቁርስ በፊትና ከምሳ ሁለት ሰዓት በኋላ ትለካለች፤ ቁጥሩን በደብተር ትጽፈዋለች፣ በስልክም ታነብልኛለች። እኔም ኬቶውን ትቼ ወደ 130 ግራም ግድም ወጣሁ፤ ቅቤውን በአቮካዶና በሰሊጥ ለወጥኩት። ሦስት ወር ቆይቼ ስመረመር ኤልዲኤል 131 ሆነ። ክብደቴ ሁለት ኪሎ ጨምሮ እዚያው ቆሟል።

ኬቶ ላይ ያላችሁ ወይም ልትጀምሩ ያሰባችሁ፣ ከመጀመራችሁ በፊት የደም ስብና የኩላሊት ምርመራ አድርጋችሁ ወረቀቱን አስቀምጡ። ከሦስት ወር በኋላ ድገሙትና ጎን ለጎን እዩት፤ ከቀጠላችሁ በየዓመቱ። የመጀመሪያው ወረቀት ከሌለ ሁለተኛው ብዙ አይነግራችሁም። እኔን ያዳነኝ በስልኬ ላይ የቀረው ያ የድሮ ውጤት ነው።

ማሩ ግን ለጎረቤት አልተሰጠም። ከቁም ሳጥኑ ላይ ወርዶ ከእናቴ አልጋ አጠገብ፣ ከስኳር መለኪያው ጎን ተቀምጧል። ማንኪያውም አብሮት አለ። ባለፈው ስደውል «ነክተሽዋል ወይ?» ብላት ሳቀችና «አልነካሁትም፤ ግን አንቺ ስትመጪ ደብቄ እበላዋለሁ» አለችኝ።